ቢላ ከመግዛት በፊት፦ ቤት ውስጥ የሚስለው ማን ነው?

ሱቅ ገብቶ ቢላ የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ዋጋውንና ማብረቅረቁን ነው። ሻጩም «ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አይዶለድምም» ይለዋል። ውሸት ላይሆን ይችላል። ግን ግማሹን ነው የነገረው። ብረቱ በጠነከረ ቁጥር ስለቱ ይቆያል፤ ሲዶለድም ግን መሳሉ ያታክታል፣ አጥንት ሲነካም ይሸረፋል።

ነገሩ በአብዛኛው የካርቦንና የክሮሚየም ጉዳይ ነው። ካርቦን ብረቱ ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ እንዲጠነክር ያደርገዋል፤ ክሮሚየም ዝገትን ይከላከላል። ቀጥቃጮች ከመኪና ባሌስትራ የሚሠሩት ቢላ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው፤ ክሮሚየሙ ግን ከ1 በመቶ ብዙም አያልፍም። በደንብ ይሳላል፣ ግን ይዝጋል። 1.4116 የሚል ቁጥር ያለው የአውሮፓ ብረት 0.5 በመቶ ካርቦንና 15 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ይዟል። የጃፓኑ ቪጂ-10 ክሮሚየሙ ተቀራራቢ ቢሆንም ካርቦኑ 1 በመቶ ገደማ ስለሆነ በጣም ይጠነክራል።

እስቲ ሦስቱም ለበዓል ዋዜማ ዶሮ ወጥ ይቅረቡ። ቤቱ ሽንኩርት በኪሎ ይከትፋል፣ ዶሮ ይገነጥላል፣ ሎሚ ይቆርጣል፤ ሲደክም ቢላውን ከነእርጥበቱ ሳፋ ውስጥ ትቶ ይተኛል። ጠዋት የባሌስትራው ቢላ ዝጎ ይገኛል። ቪጂ-10 ሽንኩርቱን ከሁሉም አስበልጦ ከትፏል፣ የዶሮው አጥንት ላይ ግን ጫፉ ተሸርፏል። 1.4116 ደግሞ ስለቱ ወደ ጎን ታጥፏል፣ ያ ብቻ ነው።

የታጠፈና የተሸረፈ ስለት አንድ አይደለም። ስለቱን ወደ አምፖል አዙሮ ማየት ነው፦ የተሳለ ስለት ብርሃን አይመልስም፤ የዶለዶመው ነጭ መስመር ያሳያል፤ የተሸረፈው እንደ መጋዝ ጥርስ ነጠብጣብ ያበራል። የታጠፈው በሞረድ፣ እሱ ከሌለ በስኒ ቂጥ ሻካራ ጠርዝ፣ ጥቂት ጊዜ ሲሳብ ይቃናል። የተሸረፈው ግን ጥርሱ እስኪጠፋ ድረስ በድንጋይ መፈግፈግ አለበት፤ ትዕግሥት ያለው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ለብዙው ቤት የሚበጀው ለስላሳው አይዝጌ ብረት ነው፣ ምንም እንኳ ቶሎ ቢዶለድም። (አይዝጌ ሲባልም ጨውና ሎሚ ሲያድርበት ነጠብጣብ አያወጣም ማለት አይደለም።) የቁርጥ ቤት ሥጋ ቆራጭ ግን ሌላ ነው። ቢላውን በየደቂቃው ይጠርጋል፣ ሞረዱም ከእጁ አይርቅም፤ ለእሱ የባሌስትራው ቢላ ከውዱ የጃፓን ቢላ ይሻለዋል።

ቢላውን ለመንደር ሳይ የሚሰጥ ደግሞ ከመቀበሉ በፊት ስለቱን ይመልከት። ደረቅ መፍጫ ላይ ቆይቶ ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ብረቱ ከመጠን በላይ ግሎ ለስልሷል። ያን ቀን እንደ ምላጭ ይቆርጣል፣ በሳምንቱ ግን ቲማቲም ይጨፈልቃል። ውሃ ውስጥ እየነከረ የሚስለውን መፈለግ ይሻላል።