የግማሽ ዓመት ደመወዝ፣ የሙሉ ዓመት መብት

አንዲት ወዳጄ አዲስ አበባ ውስጥ ትሠራበት የነበረውን ሆስፒታል በነሐሴ ወር ለቅቃ፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1 ቀን 2025 በእንግሊዝ አገር በነርስነት ተቀጠረች። ደመወዟ፣ ለስሌት እንዲመች ላጠጋጋውና፣ በወር 3,000 ፓውንድ ነው። በወሩ መጨረሻ የደረሳት የክፍያ ወረቀት 390 ፓውንድ የገቢ ግብር መቀነሱን ያሳያል። ከእርሷ ጋር በአንድ ቀን ሥራ የጀመረች፣ ልጅ ለማሳደግ ዓመቱን ቤቷ የቆየች ሌላ ነርስ ግን በዚያው ደመወዝ አንድም ሳንቲም አልተቀነሰባትም። በኅዳርም በታኅሣሥም እንዲሁ ሆነ። ወዳጄ ልዩነቱ የመጤነት ውጤት መስሏት ከፋት። ነገሩ ግን ከዚያ የቀለለም የከበደም ነው።

በብሪታንያ የግብር ዓመት ከኤፕሪል 6 እስከ ኤፕሪል 5 የሚቆጠር ሲሆን፣ ለአብዛኛው ነዋሪ በዓመት 12,570 ፓውንድ ከግብር ነጻ ነው። ሠራተኛው ዘግይቶ ስለተቀጠረ ወይም ቀድሞ ስለለቀቀ ይህ መጠን አይቀነስበትም። ደመወዝ ከፋዩ ለአሥራ ሁለት የሚያካፍለው ግብሩን በየወሩ መሰብሰብ ስላለበት ብቻ ነው፤ የወር ድርሻው ወደ 1,048 ፓውንድ ይሆናል። የስሌቱ ብልሃት ያለው ይህ ድርሻ ከዓመቱ መጀመሪያ አንሥቶ እየተደመረ መምጣቱ ላይ ነው። የኦክቶበር ደመወዝ በግብር ዓመቱ ሰባተኛ ወር ላይ ይውላል። በዚያ ቀን ለሠራተኛዋ የተጠራቀመላት ነጻ መጠን ከ7,300 ፓውንድ በላይ ነው፤ ያገኘችው ግን 3,000 ብቻ ስለሆነ የሚከፈል ግብር የለም። በዘጠነኛው ወር የተጠራቀመው ወደ 9,430፣ ደመወዙ 9,000 ነው፤ አሁንም ግብር የለም። ግብር የሚጀምረው በጃንዋሪ ነው። እስከ ማርች መጨረሻ ድረስ የስድስት ወር ደመወዟ 18,000 ይሆናል፤ ከዚያ 12,570 ሲነሣ በቀሪው 5,430 ላይ በሃያ በመቶ 1,086 ፓውንድ ትከፍላለች።

ወዳጄ ግን በየወሩ 390 እየተቀነሰባት ብትቀጥል በስድስት ወር ወደ 2,343 ፓውንድ ትከፍል ነበር። የ1,257 ፓውንዱ ልዩነት የተወለደው ከአዲስ ተቀጣሪ ቅጽ ላይ ካለች አንዲት ጥያቄ ነው፤ «ከኤፕሪል 6 ወዲህ ሌላ ሥራ ነበረሽ?»። አዲስ አበባ የሠራችበት ደመወዝ ከእንግሊዝ ግብር ጋር ግንኙነት ባይኖረውም፣ ወዳጄ በቅን ልቦና «አዎ» አለች። ከቀድሞ ቀጣሪ የሚሰጠው ፒ45 የተባለው የመሰናበቻ ወረቀት ስላልነበራት፣ ደመወዝ ከፋዩ የግብር ኮዷን 1257L M1 አደረገው። መጨረሻ ላይ ያለችው M1 እያንዳንዱን ወር ለብቻው ቁረጥ፣ ያለፈውን አትደምር ማለት ናት። ጎረቤቷ የያዘችው ኮድ ያለ M1 ነበር። እውነቱን የተናገረችው ቅጣት የተቀበለች ያህል ሆነ፤ ስሕተቱን ለማወቅ ግን የክፍያ ወረቀቱ ጥግ ላይ ያለችውን ይህችን ምልክት ማየት ይበቃል። የግብር መሥሪያ ቤቱን አነጋግሮ ኮዱን ማስቀየር ይቻላል፤ ካልሆነም ዓመቱ ካለቀ በኋላ ትርፉ ይመለሳል፤ ለመጠየቅ አራት ዓመት ጊዜ አለ።

የግብር እርከኖችም በዚሁ መንገድ ይሸነሸናሉ። በወር 6,000 ፓውንድ የሚያገኝ መሐንዲስ በኦክቶበር ቢቀጠርና M1 ቢመጣበት፣ በየወሩ ወደ 1,800 ፓውንድ የሚሆነው ገቢው በአርባ በመቶ ይቀረጣል። የዓመቱ ገቢው ግን 36,000 ብቻ ስለሆነ የአርባ በመቶው እርከን የሚጀምርበት 50,270 አጠገብ እንኳ አይደርስም። ያልደረሰበትን ተራራ ቀረጥ ይከፍላል።

እዚህ ላይ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ነገሮችን መለየት አለብን። አንደኛው ዓመታዊውን መጠን ለአሰባሰብ ሲባል በወራት ማከፋፈል ነው፤ ይህ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው፣ ዓመቱ ሲዘጋ ይስተካከላል። ሁለተኛው መብቱን ራሱን መሸንሸን ነው፤ ግማሽ ዓመት ከሠራህ ግማሹን ብቻ ታገኛለህ ማለት ነው። የብሪታንያ ሕግ የመጀመሪያውን ብቻ ያደርጋል፤ የተሳሳተ ኮድ ግን የመጀመሪያውን በሁለተኛው መልክ ያቀርበዋል።

ሁለተኛውን በግልጽ የሚያደርግ አገር ካናዳ ነው፤ እዚያ የሚኖሩ አንባቢዎች በመጀመሪያው የግብር መግለጫቸው ሳያገኙት አልቀሩም። ዓመቱን ሙሉ ነዋሪ ሆኖ ሥራ በጁላይ የጀመረ ሰው ምንም አይጎድልበትም። በጁላይ 1 ቀን ነዋሪ ሆኖ የገባ ሰው ግን መሠረታዊው የግል ቅናሽ በነዋሪነት ቀናቱ፣ ማለትም በ365 ቀናት ውስጥ በ184ቱ መጠን ይሸነሸንበታል። የግብር እርከኖቹ አይነኩም። ደግሞም ልዩ ሁኔታ አለ፤ ከመግባቱ በፊት በነበረው የዓመቱ ክፍል ከየትኛውም አገር ምንም ገቢ ካልነበረው ሙሉውን ቅናሽ ያገኛል። ጥያቄው ስንት ቀን ኖርክ ከሚለው አልፎ በቀሩት ቀናት በሌላ ገቢ ትኖር ነበር ወይ ወደሚለው ይደርሳል ማለት ነው።

እኔ ይህን የካናዳ ሕግ ከሁሉም ፍትሐዊ ሆኖ አገኘዋለሁ። ከግብር ነጻ የሆነው መጠን የሚሰጠው ሰው ለመኖር የሚያስፈልገው ገንዘብ እንዳይነካበት ነው፤ ሰው ደግሞ የሚበላው ዓመቱን ሙሉ ነው፣ የተቀጠረበትን ወር ብቻ አይደለም። ግማሽ ዓመት ያለ ገቢ የኖረ ሰው የሁለቱንም ግማሽ ነጻ መጠን ከአንዱ ግማሽ ደመወዙ ላይ ሊያነሣ ይገባዋል። በሌላ አገር ደመወዝ ሲኖር የቆየ ግን ይህ ምክንያት የለውም። በዚህ መለኪያ ወዳጄ ሙሉውን 12,570 ማግኘቷ ትንሽ ችሮታ አለበት፤ አዲስ አበባ ሳለች ደመወዝ ነበራትና። ብሪታንያ ቀለል ያለውን መንገድ መርጣ ለሁሉም ሙሉውን ትሰጣለች፤ ሕጉ የሰጣትን መተው አይጠበቅባትም።

አሁን ወደ አገር ቤት እንመለስ፤ እኔን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይህ ነውና። በኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት የመቀጠር ገቢ ግብር የሚሰላው በየወሩ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከተሻሻለ ወዲህ በወር 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ ጀምሮ በእርከን ያድግና ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። ወሩ ሲዘጋ ሒሳቡም ይዘጋል። የሚደመር ነገር የለም። ይህ ማለት ከላይ ያየነው M1 በኢትዮጵያ ቋሚው ሕግ ነው ማለት ነው፤ በዓመቱ መጨረሻም የሚያስተካክለው የለም።

በአንድ ፕሮጀክት ላይ ለስድስት ወር በ20,000 ብር የተቀጠረ ባለሙያን እንውሰድ። በየወሩ 4,950 ብር፣ በስድስት ወር 29,700 ብር ግብር ይከፍላል። ከዚያ ፕሮጀክቱ ያልቅና ቀሪውን ስድስት ወር ሥራ ፈልጎ ያጣል። የዓመቱ ገቢው 120,000 ብር ነው። በዚህ ላይ ዓመቱን ሙሉ በ10,000 ብር ደመወዝ የሠራ ጎረቤቱ የወር ግብሩ 1,650፣ የዓመት ግብሩ 19,800 ብር ነው። ሁለቱ ሰዎች በዓመቱ እኩል አገኙ፤ ሥራ የፈታው ግን 9,900 ብር አብልጦ ከፈለ። ይህ የስድስት ወር ባዶ እርከኖቹ ዋጋ ነው። ለሚዋዥቅ ገቢ እርከን ያለው ወርኃዊ ስሌት ሁልጊዜ ወይ እኩል ነው ወይ ይከብዳል፤ አንድ ጊዜም አይቀልም። የሚከብደውም ሥራው ያልተረጋጋው ሰው ላይ ነው።

የወርኃዊው ስሌት መልካምነት አይካድም። ደመወዝ ከፋዩ የሌላ መሥሪያ ቤት ወረቀት አይጠብቅም፣ ሠራተኛው በዓመቱ መጨረሻ ዕዳ አይመጣበትም። (ጳጉሜን ለብቻዋ ደመወዝ የሌላት ወር በመሆኗም የሚጣላ የለም።) በአንድ ቦታ እንዲያውም ከሠራተኛው ጎን ይቆማል። በወሩ አጋማሽ ተቀጥሮ ከ20,000 ብር ደመወዙ 10,000 የተከፈለው ሰው፣ የወሩ እርከኖች ሙሉ በሙሉ የእርሱ ስለሆኑ ግብሩ 1,650 ብር ነው። አንዳንድ ደመወዝ ከፋይ የሙሉውን ወር ግብር አስልቶ ለሁለት ያካፍልና 2,475 ይቀንሳል። እርከኑን በቀን መሸንሸን መሆኑ ነው፤ ሠራተኛው 825 ብር ይጎድልበታል፣ የሚጠይቅም ጥቂት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የብሪታንያን ድምር ስሌት እንዳለ መገልበጥን አልደግፍም። ያ ሥርዓት የቆመው በፒ45 ላይ ነው፤ ወረቀቱ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ከወዳጄ አይተናል፤ በአገራችን ደግሞ የሚጠፋው ብዙ ነው። የሚሻለው ወርኃዊውን አሰባሰብ ሳይነኩ፣ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ከአሥራ ሁለት ወር በታች የተቀጠረ ሰው ዓመታዊ ስሌት እንዲጠይቅ መፍቀድ ነው። ቀጣሪው የከፈለውና የቀነሰው በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ተመዝግቦ ለባለሥልጣኑ ይቀርባል፤ መደመርና ልዩነቱን መመለስ ይቀራል። ጠያቂው በቀሩት ወራት ኪራይም ሆነ ንግድ ሌላ ገቢ ከነበረው እንዲገልጽና እንዲቀነስበት የካናዳውን ቅድመ ሁኔታ መጨመር ያሻል።

መንግሥት ገቢ ያጣል፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ከስድስት ወር በኋላ ሥራ ያጣው ሰው ከጎረቤቱ አስበልጦ የከፈለው 9,900 ብር ነው የሚታጣው። ተመላሽ ገንዘብ በቢሮ መደርደሪያ ላይ ዓመታት ሊያድር ይችላል የሚለው ስጋት ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ስለዚህ ክፍያው በሚቀጥለው ቀጣሪ በኩል ከወር ግብር ላይ እንዲቻቻል ቢደረግ ይመረጣል። እኛን ውጭ የምንኖረውን በቀጥታ የሚነካው ደግሞ ይኸው ቅድመ ሁኔታ ነው። በታኅሣሥ አዲስ አበባ ሥራዋን ለቅቃ ደመወዝ ላይ የገቢ ግብር ወደሌለበት ዱባይ የሄደች እኅታችን፣ በሐሳቤ መሠረት ተመላሽ አታገኝም፤ ቀሪውን ዓመት በሌላ ደመወዝ ኖራለችና። በዚያው ታኅሣሥ ከሥራ የተቀነሰችውና አዲስ አበባ የቀረችው የሥራ ባልደረባዋ ግን ታገኛለች።