«በ3 ሰዓት እንገናኝ» ማለት ስንት ሰዓት ነው?

አንድ የቀድሞ ተማሪዎች የዙም ስብሰባ ማስታወቂያ አየሁ፦ «ቅዳሜ 5/7/2018 በ3 ሰዓት፣ ማንም እንዳይቀር!» እሺ፣ ማን ይምጣ? ዋሽንግተን ያለው 5/7ን ሜይ 7 ብሎ ያነበዋል፣ ጀርመን ያለችው ጁላይ 5። 2018ማ በነሱ ካለፈ ስንት ዓመቱ! 3 ሰዓቱስ የጠዋት ነው የማታ? በኛ ነው በፈረንጅ?

«ሐበሻ አይደሉ እንዴ፣ ይገባቸዋል» የሚል አይጠፋም። አይገባቸውም! አንዱ በኛ ሌላው በፈረንጅ ይገምትና የ6 ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል።

«በአሜሪካ ሰዓት» ማለትም አያድንም። ኒውዮርክና ሎስ አንጀለስ ራሳቸው በ3 ሰዓት ይለያያሉ። ደግሞ አሜሪካ ማርች 8 ሰዓቷን በአንድ ወደፊት ገፍታለች፣ ጀርመን የምትገፋው ማርች 29 ነው። የኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ያለፈው ቅዳሜ ለዋሽንግተን 13:00 ነበር፤ የዚህ ቅዳሜ ግን 14:00 ነው። ጀርመን 19:00 ላይ እንዳለች ናት። የኛ ሰዓት ስለማይቀያየር መነሻው እሱ ይሁን፦

```
ቅዳሜ መጋቢት 5 ቀን 2018 = 2026-03-14
ከምሽቱ 3 ሰዓት በኢትዮጵያ = 21:00 UTC+3
```

ሁለት መስመር ናት፤ የቀረውን የያንዳንዱ ስልክ ያሰላዋል።

የምዝገባ ማብቂያ የምትለጥፉ ደግሞ፣ «እስከ ቅዳሜ እኩለ ሌሊት» ስትሉ ለቅዳሜ አጥቢያ ነው ለእሁድ? 23:59 ብላችሁ ከነቀኑ ጻፉት እንጂ፣ ሰው በናንተ ግምት ዕድሉ ለምን ያምልጠው?