ከመርፌው በፊት ወረቀት

ኢንተርኔት ሲጠፋ ወይም የዋይፋይ ኮድ ሲረሳ በእኛ በየካ ሰፈሮች የተለመደ መድኃኒት አለ። በራውተሩ ጀርባ RESET የሚል የተጻፈባትን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ መውጋት ነው። እንደ እኔ አስተያየት ግን ይህ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ከበሽታው ይብሳል።

ራውተርን አጥፍቶ ማብራት ምንም አይደመስስም። ቀዳዳዋ ግን ሌላ ነገር ናት። ራውተሩ በርቶ እያለ መርፌውን አስገብተው አሥር ሰከንድ ያህል ሲጫኑ መብራቶቹ በሙሉ ብልጭ ይላሉ፤ ያኔ ራውተሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል። ያወጣንለት የዋይፋይ ስምና ኮድ ይጠፋል፣ ከጀርባው ያለው ተለጣፊ ወረቀት ላይ የታተመው ይመለሳል። የመግቢያው ፓስዎርድም እንዲሁ። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ዋናው ጣጣ ባለሙያው መስመሩን ሲያስገባ በእጁ የጻፈው የ PPPoE ስምና ፓስዎርድ አብሮ መጥፋቱ ነው። እሱ በተለጣፊው ላይ የለም፤ ፋብሪካውም አያውቀውም።

በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ ያለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት የደረሰበት ይኸው ነው። ባለቤቱ የዋይፋይ ኮዱን ቢረሱ ቀዳዳዋን ወጉ። ዋይፋዩ ወዲያው መጣ፣ ስልካቸውም ተገናኘ፤ ነገር ግን አንድም ገጽ አልከፍት አለ። የ DSL መብራት ሳይንቀጠቀጥ በርቷል፣ የ Internet መብራት ግን ጠፍቷል። ይህ ምልክት መስመሩ ደህና መሆኑን፣ የጎደለው የመግቢያ ስም መሆኑን ይናገራል። ስሙን የያዘ ወረቀት ስላልነበራቸው እስኪያገኙት ድረስ ደንበኛ መለሱ።

ኮዱን ለማወቅ መርፌ አያስፈልግም ነበር። ኮምፒውተራቸውን በገመድ ከራውተሩ አገናኝተው፣ በብሮውዘሩ 192.168.1.1 ብለው ከገቡ የዋይፋዩን ኮድ እዚያው ማየት ወይም መቀየር ይችሉ ነበር። በተቃራኒው የ DSL መብራት ራሱ ብልጭ ድርግም እያለ አልረጋ ካለ ችግሩ ከገመዱ ነው፤ መርፌ ገመድ አይጠግንም፤ ወደ 994 መደወል ይሻላል።

መርፌው የግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ የራውተሩ መግቢያ ፓስዎርድ ጨርሶ ሲጠፋ፣ ወይም ያገለገለ ራውተር ሲገዛ። ያኔም ቢሆን አስቀድሞ የ PPPoE ስሙና ፓስዎርዱ በእጅ መኖር አለበት። ከሪሴት በኋላ WAN በሚለው ገጽ ገብቶ እነሱን መልሶ መጻፍ፣ ከዚያም የመግቢያውን ፓስዎርድ መቀየር ነው፤ የፋብሪካው ፓስዎርድ ማንም የሚገምተው ነውና።

ስለዚህ እኔ የምለው አንድ ነው። መስመር የሚያስገባ ባለሙያ ሁሉ ያንን ስምና ፓስዎርድ በወረቀት ጽፎ ለባለቤቱ ሳያስረክብ ከቤት አይውጣ፤ ባለቤትም ሳይቀበል አይሸኘው።