አንድ መክተፊያ፣ ሦስት ሥራ

በብዙዎቻችን ቤት ያለችው መክተፊያ አንዲት ትንሽ ናት። ሥጋውም፣ ሰላጣውም፣ ዳቦውም በእሷ ላይ ያልፋል። ጥሬ ሥጋ፣ በተለይም ዶሮ፣ እንደ ሳልሞኔላ ያሉ ጀርሞችን ሊይዝ ይችላል። በደንብ ሲበስል ጀርሙ ይሞታል፤ ከመክተፊያው ወደ ቲማቲሙ የተሻገረውን ግን የሚገድለው እሳት የለም። ስለዚህ ሳይበስል የሚበላው ይቅደም፣ እሳት የሚያየው ይከተል።

ለምሳሌ እሑድ የልጅ ልጆች ሊመጡ ነው፤ ለምሳ የበግ ጥብስ፣ ሰላጣና ዳቦ ታስቧል እንበል። መክተፊያው ታጥቦ ደርቋል። መጀመሪያ ዳቦው ይቆረጥና በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል። ከዚያ የታጠበው ሰላጣ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ይከተፍና ተከድኖ ከሥጋው ራቅ ተደርጎ ይቀመጣል። ቀጥሎ የጥብሱ ሽንኩርት፣ በመጨረሻም ሥጋው ይከተፋል። ሥጋው መጥበሻ ውስጥ እንደገባ መክተፊያው፣ ቢላዋውና እጃችን በሳሙና ይታጠባሉ። ዳቦ ሲያንስ ቢላዋውን በጨርቅ ጠረግ አድርጎ መቁረጥ ግን ጀርሙን ከሥጋው ወደ ጨርቁ፣ ከጨርቁ ወደ ዳቦው ማሻገር ነው።

ዶሮ ወጥ ሲሆን ይህ ቅደም ተከተል ያስቸግራል። ወጡ ሰዓት ስለሚፈልግ ዶሮው ቀድሞ ይገነጠላል፤ ሰላጣው የሚከተፈው እንግዳ ሊገባ ሲል ነው። እንግዲህ በመካከል መክተፊያውን በሚገባ ማጠብ የግድ ነው። ስቡንና ፍርፋሪውን ፍቃችሁ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና በብሩሽ እሹትና አለቅልቁት። ስብ ከቀረበት በረኪናው አቅም ያጣል። ከዚያ በ4 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ሽቶ የሌለው በረኪና በጥብጡና አፍስሱበት። ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት፤ ግድግዳ አስደግፋችሁ አቁሙትና ይድረቅ።

ዶሮው በሎሚና በጨው መታጠቡ ጠረኑን ያጠፋል እንጂ ጀርሙን ለመግደል አይታመንም። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ከበረኪና ጋር ከቶ አይቀላቀል፤ የሚያፍን መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል።

መክተፊያው ላይ ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ ካለ ብሩሽም ሥሩ አይደርስም። እንዲህ ያለው ለሚበስል ነገር ብቻ ይሁን። ዳቦው በትሪ ላይ ይቆረጥ፤ ቲማቲሙም በንጹሕ ሳህን ላይ።

በሳልሞኔላ የሚመጣው ሕመም ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ሊዘገይ ስለሚችል ብዙ ጊዜ የምንወቅሰው ትናንት የበላነውን ነው። ሕፃን ወይም አዛውንት ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ያለው ተቅማጥ ከያዘው ኦአርኤስ ስጡት። ደም ከታየበት፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።