ወረቀቱን የሚያነበው ልጁ ነው



ባለፈው ዓመት፣ ከበዓላቱ በኋላ ነው፣ እንጀራና በርበሬ ከምንገዛበት ሱቅ በር ላይ ቆሜ ነበር። አንዲት እናት ከልጇ ጋር መጣች፤ ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። በሱቁ መስታወት ላይ በቀይ ፊደል የተጻፈ የዕብራይስጥ ወረቀት ተለጥፏል። እናትዬው ቀዩን አይታ «ምን ይላል?» አለችው። ልጁ አነበበ፣ ወደ መሬት አየ፣ ከዚያ «የልብስ ቅናሽ ነው» አላት። እንጀራቸውን ገዝተው ሄዱ።

እኔም ቀረብ ብዬ አነበብኩት። የልብስ ነገር የለበትም። «ልጅዎ በትምህርቱ እየወደቀ ነው? ሳይረፍድ ይደውሉ!» ይላል። ቤት ድረስ እየሄደች የምታስተምር የአንዲት ወጣት ማስታወቂያ ነው። ልጁ ዋሸ ብዬ አልፈረድኩበትም። እስቲ እናንተው ፍረዱ፤ በእናቱ ፊት፣ ሰው በሚተላለፍበት በር ላይ ቆሞ፣ «ልጅሽ እየወደቀ ነው» የሚለውን ቃል ስለ ራሱ እንዲተረጉም ነው የተጠየቀው።

ከታች ያለውን ስም አወቅሁት። ከዓመታት በፊት ያስተማርኳት ልጅ ናት። ደወልኩላት። «መምህር፣ 60 ወረቀት አሳትሜ ለጥፌ ሁለት ሰው ብቻ ነው የደወለልኝ» አለችኝ። አንደኛው ለአምስት ዓመት ልጁ እንግሊዝኛ የሚያስተምር የሚፈልግ ነው። ሁለተኛዋ ዋጋ ጠይቃ ስልኩን ዘጋች። «ወረቀቱን ይዘሽ ነይ» አልኳት።

የዛሬው ጽሑፌ ያን ቀን ጠረጴዛ ላይ ስላደረግነው ሥራ ነው። ከልጆቻችሁ መካከል ሺዑር ፕራቲ እየሰጠ የዩኒቨርሲቲ ወጪውን የሚሸፍን ብዙ ስላለ ይጠቅማል። ልጃቸውን የሚያስጠና ሰው የሚፈልጉ ወላጆችም ወረቀት ሲያዩ ምን መፈለግ እንዳለባቸው ያሳያል።

የመጀመሪያው ወረቀት እንዲህ ነበር። ከላይ ቀዩ ጥያቄ አለ። ከሥሩ ራሱን ደብተር ላይ ደፍቶ የሚያለቅስ ልጅ ፎቶ የወረቀቱን ግማሽ ይዟል። ቀጥሎ «ሁሉም ትምህርት፣ ሁሉም ክፍል፣ መቶ በመቶ ውጤት» ይላል። ከዚያ በደቃቅ ፊደል አሥራ አንድ መስመር አለ። ስልኩ መጨረሻ ላይ፣ ከሌላው ጽሑፍ ጋር እኩል ሆኖ ተቀምጧል። ዋጋ የለም። አማርኛ የለም።

«ለምን እንዲህ አስፈራሽ?» አልኳት። «ወላጅ ካልፈራ አይደውልም ብለውኝ ነው» አለች። ፍርሃት ሰውን ለአንድ ደቂቃ ያቆማል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ልጁ ያስጨነቀው ወላጅ ጭንቀቱን ከቤቱ ይዞት መጥቷል፤ ከወረቀት መማር አያስፈልገውም። ፈርቶ የሚደውል ሰው ደግሞ በሁለት ሳምንት ተአምር ይጠብቃል። ከሁሉ በላይ፣ በእኛ ቤት የዕብራይስጡን ወረቀት ለወላጁ የሚያነበው ብዙ ጊዜ ልጁ ራሱ ነው። ልጁን የሚያሳፍር ወረቀት እናቱ ጋ አይደርስም።

እንግዲህ ከፍርሃቱ በስተጀርባ ያለውን ጥያቄ መፈለግ ያዝን። በብዙ ትምህርት ቤቶች ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ልጆች በሂሳብ በደረጃ ይከፈላሉ፤ ሀቅባጻ የሚሉት ነው። ኋላ ባግሩት ላይ በሂሳብ 3፣ 4 ወይም 5 ዩኒት አለ። ወላጅ ይህን ከአሴፋት ሆሪም ሰምቶ ይመጣል። ቤቱ ሲገባ የሚጠይቀው ግን ቀላል ነው፦ ማን ነው ቤቴ የሚገባው? የልጄን ክፍል ያስተምራል? ስንት ነው? መቼ ይመጣል? በአማርኛ ላነጋግረው እችላለሁ? አምስቱን ጥያቄ የሚመልስ ወረቀት ማስፈራሪያ አያስፈልገውም።

«ሁሉም ትምህርት» የሚለውን ሰረዝነው። እሷ የምታጠናው የሂሳብ መምህርነት ነው፤ የቀለላት ከሰባተኛ እስከ ዘጠነኛ ነው። ሁሉን አስተምራለሁ የሚል ሰው ምን እንደሚያውቅ አይታወቅም፤ የአምስት ዓመቱ ልጅ አባት የደወለላትም ለዚያ ነው። «መቶ በመቶ ውጤት» የሚለውም ወጣ። ማርክ በልጁ፣ በክፍሉ መምህርና በፈተናው እጅ ነው፤ በእጇ የሌለውን ነገር ቃል መግባት አትችልም። በእጇ ያለውን ግን ትችላለች፦ በሰዓቱ መድረስ፣ የመጨረሻውን ፈተና አይቶ ጉድለቱ የት እንደሆነ ማግኘት፣ ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ መንገር።

የጻፍነው ይኸው፦

የ7ኛ፣ የ8ኛ እና የ9ኛ ክፍል ሂሳብ
ቤታችሁ መጥቼ አስተምራለሁ

የሂሳብ መምህርነት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አማርኛና ዕብራይስጥ እናገራለሁ።

የመጀመሪያው 30 ደቂቃ ያለ ክፍያ ነው። የልጁን የመጨረሻ ፈተና አብረን እናያለን።

አንድ ትምህርት 60 ደቂቃ፦ 80 ሸቀል። ሁለት ልጆች አብረው ሲማሩ ለእያንዳንዱ 50 ሸቀል።

ከእሑድ እስከ ሐሙስ፣ ከ16:00 እስከ 20:00። ወላጅ ቤት ባለበት ሰዓት፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ እናጠናለን።

ከየአራት ትምህርት በኋላ ልጁ የቻለውንና የቀረውን ለወላጅ እነግራለሁ።

በአማርኛ ደውሉ፦ ስምና ስልክ

ተመልከቱ፤ ስለ ልጁ አንድም ክፉ ቃል የለም። አሥራ ሁለት ዓመት ልጅ «የሰባተኛ ክፍል ሂሳብ ነው፣ ቤት መጥታ ታስተምራለች» ብሎ ለእናቱ ሊናገር ይችላል። ዋጋውን መጻፏን መጀመሪያ አልወደደችውም፤ «ያዩትና ይሸሻሉ» አለች። መክፈል የማይችል ሰው ስልክ ላይም መክፈል አይችልም፤ ልዩነቱ ስልኩ ላይ ማፈሩ ነው። የሁለት ልጆቹ ዋጋ ግን ጎረቤት ከጎረቤት ተነጋግሮ እንዲደውል በር ይከፍታል።

ሰዓቱንም ልብ በሉ። «ከ4 ሰዓት» ብላ ብትጽፍ፣ በአገር ቤት አቆጣጠር የለመደ ሰው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ብሎ ይረዳዋል፤ ያ እዚህ 10:00 ነው፣ ልጁ ትምህርት ቤት ነው። 16:00 ብሎ መጻፍ ክርክሩን ይዘጋዋል።

አሁን ወደ አቀማመጡ። አንድ A4 ወረቀት ለሁለት ቆርጠን በእጅ የሚሰጥ አደረግነው፤ በአንድ ፊት አማርኛ፣ በጀርባው ዕብራይስጥ። በመጀመሪያ ሙከራዋ ሁለቱን ቋንቋ በአንድ መስመር ደባልቃቸው ነበር። አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ ኮምፒውተሩ ነጥቡንና ቁጥሩን እያነሳ ሌላ ቦታ ይጥለዋል። በዕብራይስጥ መስመር ውስጥ የስልክ ቁጥርን በባዶ ቦታ ከፋፍላችሁ ከጻፋችሁ ክፍሎቹ ቦታ ሊለዋወጡ ይችላሉ፤ የፊተኛው ኋላ፣ የኋለኛው ፊት ይሆናል። በጭረት ማያያዝ ወይም ሳይከፍሉ መጻፍ ይሻላል። ከዚያ በፊት የታተመውን አንድ ወረቀት ይዛችሁ፣ ከወረቀቱ እያነበባችሁ ደውሉ። ስልካችሁ ከጠራ ሌላውን አትሙ።

የፊደሉ መጠን ሦስት ዓይነት ብቻ ነው። ርእሱ ትልቅ፣ 30 ነጥብ ያህል፤ ስልኩ 24፤ የቀረው ሁሉ 14። ከ14 ካነሰ የአማርኛ ፊደል ላይ ያለችው ትንሽ ቅጥያ ለማየት ታስቸግራለች፣ ሰ እና ሱ ሊምታቱ ይችላሉ፤ አንባቢው ደግሞ መነጽሩን ሱቅ ይዞ አይመጣም። ጽሑፉ ጥቁር በነጭ ሆነ፤ ቀዩን ተውነው። በሚያለቅሰው ልጅ ፎቶ ፈንታ የራሷን ፊት፣ የፓስፖርት ፎቶ በሚያህል መጠን፣ ከስሟ አጠገብ አደረግን። እናት በሯን ስትከፍት ያየችውን ፊት ታያለች። በየሁለት መስመሩ መካከል ባዶ ቦታ ተውን፤ «ቦታ ባከነ» ብላ ልትሞላው ስትል ከለከልኳት። ዓይን የሚያርፍበት እዚያ ነው።

ለሚለጠፈው ደግሞ ሙሉ A4 ተጠቀምን፤ አማርኛውን በአንድ፣ ዕብራይስጡን በሌላ ወረቀት አድርገን ጎን ለጎን። ከታች ተቀዶ የሚወሰድ ጭራ አሥር ቦታ ቆረጥን፤ ወረቀቱ 21 ሳንቲ ሜትር ስለሚሰፋ እያንዳንዱ ሁለት ሳንቲ ያህል ይደርሰዋል። በመጀመሪያ ስልክ ብቻ ልትጽፍበት ነበር። ሰው ግን ቀዶ ኪሱ ይከተዋል፤ በሳምንቱ ሲያገኘው የማን እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ላይ «ሂሳብ 7–9፣ አማርኛ»፣ ስሟና ስልኳ ተጻፈ።

ቦታን በተመለከተ፣ በመብራት እንጨትና በአጥር ላይ መለጠፍ ከማዘጋጃ ቤት ቅጣት ሊያመጣ ይችላል፤ ማትናስ ውስጥም አስፈቅዶ ነው። እኛ ግን አንድ ነገር ጨመርን። ከወላጆቻችን መካከል በየትኛውም ቋንቋ የማያነቡ አሉ። ስለዚህ ለባለ ሱቁ አሥር ወረቀት ሰጥታ፣ «የሰባተኛ፣ የስምንተኛ፣ የዘጠነኛ ሂሳብ፤ ቤት ትመጣለች፤ አማርኛ ታወራለች» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር አስያዘችው። ለእነሱ ማስታወቂያው እሱ ነው።

በሁለተኛው ጊዜ 40 ወረቀት አወጣች። አምስት ሰው ደወለ፤ ሦስት ልጆች ያዘች። ለእያንዳንዱ ደዋይ «የት አዩት?» እያለች ስለምትመዘግብ፣ አራቱ ከሱቁ መሆናቸውን አወቀች። አንደኛዋ እናት ወረቀቱን አላነበበችም፤ ባለ ሱቁ ነግሯት ነው። ብዙ ነው አልልም። ግን አምስቱም የጠየቁት እሷ የምትሰጠውን ነገር ነው።

እናንተም እንዲህ ያለ ወረቀት ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ፈተና አድርጉ። በሰፈራችሁ ካለ ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጋር ተቀመጡና እናቱ ባለችበት «እስቲ አንብብልን» በሉት። ድምፁን ካወረደ ወይም ቃል ከዘለለ፣ የዘለለውን ቃል ሰርዙት።