ሳይማሩት የሚቃጠል ትምህርት



ለልጆቻችን የክራር ትምህርት በጅምላ የሚሸጡ ሰዎች መጥተዋል። አንዱ ትምህርት በነጠላ 300 ብር ነው። 30ውን ባንዴ ለከፈለ ግን 6,000 ብር፣ አንዱ በ200 ብር ማለት ነው። ቅናሽ ይመስላል። ከደረሰኙ ጀርባ ግን በደቃቁ፣ በሦስት ወር ያላለቀው ይቃጠላል፣ ገንዘብም አይመለስም ተብሎ ተጽፏል።

እስቲ እንቁጠር! ልጁ የሚማረው በየቅዳሜው ነው። ሦስት ወር 13 ቅዳሜ ነው። አንድም ቀን ሳይቀር ቢማር እንኳ 17ቱ ይቃጠላል። 13ቱን በነጠላ ቢከፍል 3,900 ብር ይበቃው ነበር። 2,100 ብሩን ማን በላው? መምህሩ ራሱ ሲቀር እንኳ ቀኑ አይራዘምም፤ ይኼማ ዓይን ያወጣ ነው!

አስቀድሞ መክፈሉን አንቃወምም፤ መምህሩ ሰዓቱን ለልጃችን ይዞ ይቆያልና። ልጁ ካቋረጠ ቅናሹ ይቅርበት፤ የተማረው በነጠላ ዋጋ ታስቦ ቀሪው ይመለስ። 10 ተምሮ ላቆመ 3,000 ብር ተቆርጦ 3,000 ይመለስለታል። ማንም አይጎዳም።

ይህ በደረሰኙ ላይ እስኪጻፍ ድረስ በሦስት ወር ከ10 ትምህርት በላይ አትግዙ። የተቃጠለባችሁም ደረሰኙን ይዛችሁ እሑድ ጽሕፈት ቤት ኑ፤ አብረን ሄደን እንጠይቃለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ