ሁለት ሐሳብ ማጋጠም ወይስ ስም መደርደር?

ለመመረቂያ የሚቀርቡትን ጽሑፎች ያገላበጠ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የንድፈ ሐሳቡ ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ስድስት ሰባት ቲዎሪ በተራ የሚቆምበት ሰልፍ ነው። እያንዳንዱ በአንድ ገጽ ይተረካል፤ ትንተናው ላይ ሲደረስ ግን አንዱም ተመልሶ አይነሣም። መለኪያው ቀላል ነው፤ አንዱን ቲዎሪ ሰርዙና ከቃለ መጠይቁ የሚለወጥ ጥያቄ እንዳለ ተመልከቱ። ከሌለ፣ ቲዎሪው ጌጥ ነበር ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ሁለት ሐሳብ ይበቃል፤ ይኸውም አንዱ ካቆመበት ሌላው የሚጀምር ሲሆን ነው።

የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ እንውሰድ። አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ የወሎ መከር ቢወድቅም የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ያን ያህል አልቀነሰም፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም። ሕዝቡ የተራበው እህሉን በእጁ የሚያስገባበት መብት ስለፈረሰበት ነው፤ የሚሸጠው ምርትም ሆነ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ሴን የሚቆጥረው ግን ሕግ የሚያውቀውን መብት ነው። ጭሰኛው በክፉ ቀን ከባለርስቱ ወይም ከዘመዱ የሚጠብቀው እህል በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

እዚህ ላይ ነው ጄምስ ስኮት የሚያስፈልገው። እርሱ በ1976 እ.ኤ.አ. ስለ በርማና ስለ ቬትናም ገበሬዎች ሲጽፍ፣ ድርሻ የሚወስድ ጌታ የገበሬውን ቀለብ መንካት አይገባውም የሚል ግብረገብ በመካከላቸው እንደነበረ አሳይቷል። ይህ በሕግ ያልተጻፈ፣ በልማድ የሚጠየቅ መብት ነው።

እንግዲህ ሁለቱን እናጋጥማቸው። የሕግ መብቱ የፈረሰበት ቤተሰብ የልማድ መብቱ ቀርቶለት ነበር ወይስ አብሮ ፈርሶበታል? ከዚህ አራት ዓይነት ቤተሰብ ይገኛል፤ ሁለቱም የጸኑለት፣ አንዱ ብቻ የጸናለት፣ ሌላው ብቻ የጸናለት፣ ሁለቱም የፈረሱበት። በዕድሜ የገፉ የወሎ ሰዎችን የሚጠይቅ ተማሪ እንግዲህ «ምን ሸጣችሁ?» ብቻ ሳይሆን «ከማን ለመናችሁ? ማንስ ከለከላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው ጥያቄ ከሴን ብቻ አይወለድም።

ሆኖም ሁለቱ የሚጋጩበት ነጥብ በምዕራፉ ውስጥ በግልጽ መጻፍ አለበት። ለሴን መነሻው የእያንዳንዱ ሰው ንብረትና ልውውጥ ነው፤ ለስኮት ግን የማኅበረሰቡ የጋራ እምነት ነው። ደግሞም ባለርስቱ ራሱ ከተራበ ልማዱ ምን ያህል ይጸናል? ማዕቀፉ የሚወድቅበትም ሁኔታ አስቀድሞ ይነገር፤ የልማድ መብት የቀረላቸውና ሁሉንም ያጡት ቤተሰቦች እኩል ተሰድደውና እኩል ሞተው ከተገኙ፣ የስኮት ሐሳብ በዚህ ጉዳይ ላይ አልሠራም።

ስለዚህ መምህራኖቻችን «ስንት ቲዎሪ ጠቀስህ?» ማለታቸውን ትተው፣ «ሁለቱ የት ላይ ተገናኙ?» ብለው ቢጠይቁን መልካም ነው እንላለን።